ከፎቶ የተመረጠው የእናቴ ጫማ

እህቴ ከአዲስ አበባ ለእናታችን የላከችው ጫማ አልጋ ስር ገብቶ ቀረ። መጥፎ ጫማ ሆኖ አይደለም። ቆዳው ለስላሳ ነው፣ ስፌቱ ጠንካራ ነው፣ ዋጋውም የሚናቅ አይደለም። እናቴ አንድ እሁድ ተጫምታው ቤተ ክርስቲያን ሄደች፣ ስትመለስ አወለቀችውና «ለበዓል ይቀመጥ» አለች። እናት «ለበዓል ይቀመጥ» ያለችው ነገር መጨረሻው ምን እንደሆነ እናንተም ታውቁታላችሁ።

ጫማው የተመረጠው በፎቶ ነው። ደምበጫ አጠገብ ያለው የአክስቴ ልጅ እናቴን ደጃፏ ሲሚንቶ ላይ አቁሞ እግሯን አነሳና በቴሌግራም ለእህቴ ላከላት። እህቴም ስልኳን ይዛ ጫማ ቤት ገባች። ሻጩ ፎቶውን አጉልቶ አየና ወዲያው ፈረደ። «እግራቸው ጠፍጣፋ ነው። ከውስጥ ደጋፊ ያለው ጫማ ካልሆነ ያማቸዋል።» ጣቶቿንም አየና አውራ ጣቷ ከሁሉም ይረዝማል አለ። በዚህ ላይ ተመሥርቶ 38 ቁጥር፣ ፊቱ ሾል ያለ፣ መሀሉ ላይ ጠንካራ ጉብታ ያለው ጫማ ተገዛ።

እኔን ሰላም የነሳኝ ጫማው መጥበቡ አይደለም። ጫማ ይጠባል፣ ይቀየራል። የከነከነኝ ከዚያ በኋላ በቤታችን የተወራው ነው። «የእማዬ እግር ችግር አለበት» ተባለ። ዕድሜዋን ሙሉ ሸክም ተሸክማ ገበያ የወጣችበት፣ አንድም ቀን አመመኝ ያላለችው እግር፣ ከአንድ ፎቶ በኋላ ችግረኛ ሆነ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኼ ነው። የጫማውን ጥፋት እግሩ ተሸከመው።

ጉዳዩ ደግሞ በእኛ አካባቢ የምቾት ብቻ አይደለም። የሚያም ጫማ አልጋ ስር ከገባ እግሩ ተመልሶ ቀዩን አፈር ይረግጣል። ዝሆኔ የሚባለው የእግር እብጠት፣ ያ በትንኝ የማይመጣው፣ በደጋው ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ እንደሚመጣ ጎጃም ውስጥ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሲያስተምሩ ሰምተናል። መከላከያው ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ ነው። ስለዚህ እናቴ የምትጫማው ጫማ ማግኘት ነበረብኝ፣ የምታስቀምጠው ሳይሆን። እኔ ደብረ ማርቆስ ስለምኖር ወደ እሷ መሄድ ለእኔ ይቀላል። ሄድኩ።

ፎቶው የሚያየውና የማያየው

ፎቶውን ይዤ ከእግሯ ጋር አስተያየሁት። እውነት ነው፣ በፎቶው ላይ የውስጥ እግሯ ጎን መሬቱን የነካ ይመስላል። ከአውራ ጣት ስር እስከ ተረከዝ ድረስ ከፍ ማለት የነበረበት ቦታ፣ ቅስቱ፣ የለም። ግን ፎቶ የሚያየው ቆዳን ነው። ቅስቱን የሚሠሩት አጥንትና ጅማት ናቸው። በአጥንቱና በሲሚንቶው መሀል ደግሞ ሥጋና ስብ አለ። ከተረከዝ ተነስታ በውስጥ ጎን ወደ አውራ ጣት የምትሄድ አንዲት ጡንቻ አለች። በባዶ እግሩ ባደገ ሰው ላይ ይህች ጡንቻ ትወፍራለች፣ ከቅስቱ ስር ያለውን ክፍተትም ትሞላዋለች። ከጎን ያየው ሰው ጠፍጣፋ ነው ይላል። አጥንቱ ግን በቦታው ሊሆን ይችላል።

እርጥብ እግርን ሲሚንቶ ላይ አሳርፎ ዱካውን ማየት የሚባለውም ዘዴ ከዚህ አያልፍም። ዱካው የነካውን ያሳያል፣ ለምን እንደነካ አያሳይም። ባለሙያዎቹ ዱካውን እንኳ በዓይን ብቻ አይፈርዱም። ጣቶቹን ይተዉና የቀረውን ዱካ ከፊት ወደ ኋላ በርዝመቱ 3 እኩል ቦታ ይከፍሉታል፣ ከዚያ የመሀሉ ክፍል የሸፈነው ቦታ ከጠቅላላው ምን ያህል እንደሆነ ያሰላሉ። መሀሉ ከሩብ ትንሽ ካለፈ፣ ከ0.26 በላይ ከሆነ፣ ዝቅ ያለ ቅስት ይሉታል። ከ0.21 በታች ከሆነ ከፍ ያለ ነው። ይህም ቢሆን ቅርጽ ነው እንጂ ሕመም አይደለም።

ብርሃንም አለ። ፎቶው የተነሳው ጠዋት ነው፣ ፀሐይ ከፊት ለፊት ስለመታት የውስጥ እግሯ ጎን ጥላ የለውም። ጥላ ከሌለ ጉድጓድ አይታይም። ያንኑ እግር ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ወደ ውጪ ጎን ከዞረች በኋላ፣ በዚያው ቦታ አነሳሁት። ጥቁር ጥላ ከቅስቱ ስር ገባ፣ እግሩም በአንድ ጊዜ ቅስት ያወጣ መሰለ። እግሩ አልተለወጠም። የተለወጠው የጥላው ቦታ ነው።

በጣቶቿ ስትቆም

ነገሩ የዞረው እዚህ ላይ ነው። እናቴን የበሩን መቃን ያዢልኝና ተረከዝሽን ከመሬት አንሺ አልኳት።

«ደግሞ ምን ልትሠራኝ ነው?» አለች።

«እግርሽን ላየው ነው እማዬ። ቀስ ብለሽ ብቻ።»

መቃኑን ያዘችና በጣቶቿ ቆመች። እኔ ከኋላዋ ቁጢጥ ብያለሁ። ተረከዟ ሲነሳ ወደ ውስጥ ዘንበል አለ፣ ከዚያ ያ የለም የተባለው ቅስት ከሥጋው መሀል ወጥቶ ታየ። ጥርት ያለ ቅስት ነው፣ ከስሩ ጣት የሚያስገባ። ሁለቱም እግር ላይ። ስታወርደው እንደገና ሥጋው ሞላውና ጠፋ። ደጋግማ አደረገችው፣ ከእኔ ይልቅ እሷን ገርሟት መሰለኝ። «ታዲያ ምን ሆነ ነው የሚሉት?» አለች።

ምንም አልሆነም። ይህ የሚተጣጠፍ እግር ነው የሚባለው። ክብደት ሲያርፍበት ዝቅ ይላል፣ ሲገፋ ይነሳል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ከተረከዝ እስከ ጣቶች ስር የተዘረጋ ጠንካራ ጅማት አለ፣ ጣቶች ወደ ላይ ሲታጠፉ ይወጠርና ቅስቱን ወደ ላይ ይስበዋል። ተቀምጦም መሞከር ይቻላል። እግርን መሬት ላይ አሳርፎ አውራ ጣትን ብቻ በእጅ ወደ ላይ ማንሳት ነው፤ ቅስቱ ከተነሳ ያው ማስረጃ ነው። ፎቶው ግን ቆማ የተነሳች አንድ ቅጽበት ናት። እግር ሲንቀሳቀስ የሚያደርገውን አንዲትም ነገር አትይዝም።

ሌላ መልስ ቢመጣ ኖሮ ሌላ ነገር እል ነበር። በጣት ሲቆሙ ቅስቱ የማይወጣ ከሆነ፣ ተረከዙም ወደ ውጪ እንደዞረ ከቀረ፣ እግሩ ደርቋል ማለት ነው፣ ለዚህ ሐኪም ያስፈልጋል። ለዓመታት ደህና የነበረ ሰው አንዱ እግሩ ብቻ እየተዘረጋ ከመጣና ከቁርጭምጭሚቱ በውስጥ በኩል ካመመው፣ ቅስቱን የሚሸከመው ጅማት ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል መዘግየት የለበትም። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ የእግሩ ስሜት ደክሞ ጫማው ሲልጠው ላይሰማው ይችላል። ለእንዲህ ያለ ሰው በፎቶ ጫማ መምረጥ አይገባም፣ እግሩ በእጅ መዳሰስ አለበት።

ታዲያ ያ ደጋፊ ጉብታ እናቴን ለምን ጎዳት? ጫማውን አውጥቼ እጄን አስገባሁበት። ጉብታው ጠንካራ ነው፣ አይጫንም። እግሯ ሲያርፍ ዝቅ ሊል ይፈልጋል፣ ጉብታው አያስወርደውም። ይህ ብቻ አይደለም። ጉብታው ከስር ቦታ ስለወሰደ እግሩ ወደ ላይ ተገፍቶ የእግሯ ጀርባ ከጫማው ቆዳ ጋር ተጣበቀ። እሷ «ከላይ ያንቀኛል» ስትል የነበረው ይህን ነው። እኛ ደግሞ ጠበበ ሲባል ርዝመቱን ነበር የምናስበው።

በነገራችን ላይ «እንደ ቅስትህ ጫማ ምረጥ» የሚለው ምክር ራሱ በደንብ ተፈትኗል። በአሜሪካ የምድር ጦር፣ የአየር ኃይልና የማሪን ምልምሎች ላይ በተሠሩና በ2009 እና በ2010 በታተሙ ጥናቶች፣ የአንዱ ቡድን የውስጥ እግር ቅርጽ እየታየ ለዝቅተኛው፣ ለመካከለኛውና ለከፍተኛው ቅስት የተለያየ የሩጫ ጫማ ተሰጠ። ሌላው ቡድን ቅስቱ ምንም ይሁን አንድ ዓይነት ጫማ ተሰጠው። በመጨረሻ በጉዳት ብዛት በሁለቱ መሀል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። እነዚያ ወጣት ወታደሮች ናቸው፣ እናቴ አይደለችም፤ እሱን አልረሳሁትም። ግን ምልምሎችን አቁመው የውስጥ እግራቸውን ካዩ ሰዎች ያልተገኘ ጥቅም፣ በቴሌግራም ከመጣ ፎቶ ይገኛል ብዬ አላምንም።

ጣቶቹ ላይ ፎቶው ይሻላል

ፎቶ ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። ለጣቶች ጥሩ ነው። የእግር ፊት ጠፍጣፋ መሬት ላይ የተኛ ነገር ስለሆነ ቀጥታ ከላይ ሲታይ ቅርጹን ይሰጣል። ኢንተርኔት ላይ የግብፅ እግር፣ የግሪክ እግር፣ አራት ማዕዘን እግር የሚሉት አለ። አውራ ጣት የሚረዝምበት፣ ሁለተኛዋ ጣት የምትረዝምበት፣ ሁሉም እኩል የሆኑበት ማለት ነው። ስሙ ከዘር ጋር ምንም አያገናኘውም። ለጫማ የሚጠቅመው ጥያቄ አንድ ነው፤ የእግሩ ጫፍ የት ነው? ሾል ያለ ጫማ ጫፉ መሀል ላይ ነው። የብዙ ሰው እግር ጫፍ ግን አውራ ጣቱ ላይ፣ ወደ ውስጥ ጎን ነው። ስለዚህ ሾል ያለው ጫማ አውራ ጣትን ወደ መሀል ይገፋል፣ ትንሿን ጣት ደግሞ ከውጪ ይጫናል።

ግን ይህም ቀጥታ ከላይ ሲነሳ ነው። የአክስቴ ልጅ ከእናቴ ፊት ለፊት ቆሞ፣ ስልኩን ከውስጥ ጎን በኩል አዘንብሎ ነው ያነሳው። ለካሜራው የቀረበው አውራ ጣት ስለሆነ ረዝሞ ወጣ። በዚያ ላይ እናቴ ስልኩ ምን እንደሚያደርግ ለማየት አጎንብሳለች። ሰው ወደ እግሩ ሲያጎነብስ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ እንዳይወድቅ ጣቶቹ መሬት ይቧጥጣሉ። ፎቶውን አጉልታችሁ ብታዩት የሁለተኛዋ ጣት መገጣጠሚያ ቆዳ ተወጥሮ ነጥቷል። ታጥፋለች ማለት ነው። ቀና ብለሽ የግቢውን በር እይ አልኳት። ጣቶቿ ተፈቱ፣ ሁለተኛዋም ተዘረጋችና ከአውራ ጣቷ በትንሹ አለፈች። ጫማው የተለካው በአጭሯ ጣት ነበር።

ርዝመቱን በፎቶ ለማውጣትም ሞክሬያለሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ይህን ይመክራል። ኤ4 ወረቀት ርዝመቱ 29.7 ሴንቲ ሜትር ነው። ከእግሯ አጠገብ መሬት ላይ አነጠፍኩት፣ ስልኩን 1 ሜትር ያህል ከፍ አድርጌ ቀጥታ ከላይ አነሳሁ። ወረቀቱን እንደ ማስመሪያ ተጠቅሜ ሳሰላው እግሯ 24.9 ወጣ። ከዚያ ተረከዟን ግድግዳ አስነክቼ፣ ከረጅሟ ጣት ፊት መጽሐፍ ቀጥ አድርጌ አቁሜ በሜትር ለካሁት፤ 24.4። ግማሽ ሴንቲ ሜትር ልዩነት። ምክንያቱ ወረቀቱ መሬት ላይ ነው፣ የጣቷ ጫፍና የተረከዟ ጉብታ ግን ከመሬት 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላሉ። ለካሜራው በመቶ 2 ያህል ቀርበዋል፣ በመቶ 2 ያህልም ጎልተው ይታያሉ። በእኛ አገር ጫማ ላይ የተጻፈው የአውሮፓ ቁጥር አንዱ ከሌላው 6.7 ሚሊ ሜትር ያህል ነው የሚለየው። ስለዚህ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ማለት ቁጥር ለመቀየር ትንሽ ነው የሚቀረው። ስልኩ ትንሽ ቢያዘነብል ደግሞ ስህተቱ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። ምልክቱ ወረቀቱ ነው። ፎቶው ላይ አንዱ ጫፉ ከሌላው ጠቦ ከታየ ስልኩ ዘንብሏል፣ ያ ፎቶ አይለካበትም።

ካርቶኑ

ስለዚህ ካርቶን አመጣሁ። እናቴ ሁለቱንም እግሯን እኩል ተጭና ቆመች፣ እኔ እስክሪብቶውን ቀጥ አድርጌ ዙሪያውን አሰመርኩ። ማዘንበል የለበትም። ወደ ውስጥ ካዘነበለ እግሩን ያሳንሰዋል። ያደረግነው ወደ ማታ ነው፣ ምክንያቱም ቀኑን ሲቆም የዋለ እግር ከጠዋቱ ይሰፋል። ቆሞ መለካቱም ግድ ነው፣ ክብደት ሲያርፍበት እግር ይረዝማል፣ ይሰፋልም።

ግራ እግሯ ከቀኙ ትንሽ ረዘመ። የእግሯ የፊት ስፋት ደግሞ 10.3 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ካርቶኑን ቆርጬ ከዚያ አልጋ ስር ከነበረው ጫማ የውስጥ ሶል ጋር አስተያየሁት። ሶሉ ይወጣል፣ ማውጣት ነው። ተረከዝ በተረከዝ ገጠመ። ፊቱ ላይ ግን ካርቶኑ በትንሿ ጣት በኩል የትንሿ ጣት ስፋት ያህል ወደ ውጪ ወጣ። ትንሽ መውጣት ያለ ነው፣ የጫማው ቆዳ ከሶሉ ሰፋ ይላልና። ይህን ያህል ከሆነ ግን ጣቷ ጫማው ውስጥ ቦታ የላትም። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ የሚባለው ለካ ለጫማም ነው።

እህቴ ይህን ስነግራት ያለችው «እንግዲያው 40 ቁጥር ልግዛላታ» ነው። ሁሉም ሰው የሚለው ይህን ነው፣ ጠበበ ሲባል ቁጥር ይጨመራል። ግን ስፋት ፈልጎ ርዝመት መጨመር ሌላ ችግር ያመጣል። ጫማ የሚታጠፈው በአንድ ቦታ ነው፣ እግርም የሚታጠፈው በአንድ ቦታ ነው፣ ከጣቶች ስር ባለው ሰፊ ቦታ። ሁለቱ መገጠም አለባቸው። ጫማው ሲረዝም መታጠፊያው ወደ ፊት ይሄዳል፣ እግሩ ባልተሠራለት ቦታ ይታጠፋል፣ ተረከዙም ከኋላ እየወጣ ይገባል። የሚያስፈልገው ሰፊ ፎርማ ላይ የተሠራ ጫማ ነው፣ ረጅም ሳይሆን።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የግራ እግሯ 24.4 ነው፣ ከረጅሟ ጣት ፊት 1 ሴንቲ ሜትር ያህል መተው አለበት፣ 25.4 ይሆናል። 38 ቁጥር በ2/3 ሲባዛ 25.3 ያህል ነው፣ 39 ደግሞ 26። 38ቱ ለርዝመቱ እንኳ አፋፍ ላይ ነው። 39 ይሻላል፣ 40 ብዙ ነው። ቁጥሩ ግን ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ መጨረሻ ላይ የሚፈርደው ካርቶኑ ነው። እህቴን ፊቱ ክብ የሆነ፣ ክር ያለው ሸራ ጫማ፣ 39፣ ከወንዶቹም ፈልጊ አልኳት። የወንዶች ጫማ በዚያው ቁጥር ብዙ ጊዜ ፊቱ ሰፋ ይላል። ክሩ ደግሞ ለእግሯ ጀርባ ነው፣ ሲያንቅ ይላላል። ካርቶኑን ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ ሰው ላኩላት።

መርካቶ ካርቶኑን ይዛ ዞረች። የጫማውን የውስጥ ሶል እያወጣች ካርቶኑን ላዩ ላይ ታስቀምጣለች። አንዱ ሻጭ እንደ እብድ እንዳያት ነግራኛለች፣ ሌላው ግን ነገሩ ገብቶት ራሱ ከመጋዘን እያወጣ አብሯት ለካ። በመጨረሻ አንድ የወንድ ሸራ ጫማ ከካርቶኑ ጋር ገጠመ። ዋጋው ከመጀመሪያው ቆዳ ጫማ በጣም ያነሰ ነው።

እናቴ አደረገችው። ቤት ውስጥ ትንሽ ከተራመደች በኋላ አስወልቄ ቆዳዋን አየሁ። ቀላ ብሎ ቶሎ የማይጠፋ ምልክት ካለ እዚያ ይጫናል ማለት ነው። ቀኙ ላይ ምንም የለም። ግራው ላይ ከላይ፣ ክሩ የሚያልፍበት ቦታ፣ ቀጭን ቀይ መስመር ነበር። ሁለተኛውን የክር ቀዳዳ ዘለልኩት፣ መስመሩ በሚቀጥለው ቀን አልታየም። አሁን ገበያም ማሳም ትሄድበታለች።

የቀረው ክረምቱ ነው። ሸራ ጫማ የእኛን አካባቢ ጭቃ አይችልም፣ ውሃ ያስገባል፣ እግርም እርጥብ ሆኖ ይውላል። የጎማ ቦቲ ያስፈልጋታል። ቦቲ ደግሞ ክር የለውም። የእግሯ ጀርባ ካላለፈ አይገባም፣ በጣም ከሰፋ ጭቃው ይዞ ያስቀረዋል። ይህን ልኬት ፎቶም ካርቶንም አይሰጥም። ስለዚህ ሲባጎ ወስጄ ከተረከዟ ስር አዙሬ በቁርጭምጭሚቷ መታጠፊያ በኩል ለካሁ፣ እግር ቦቲ ውስጥ ሲገባ የሚያልፈው ከባዱ ቦታ ይኼ ነው። ሲባጎው ካልሲ ተደርጎ ነው የተለካው፣ ቦቲ ያለ ካልሲ ስለማይደረግ። ቋጠሮ አድርጌበት ለእህቴ ልኬዋለሁ። ቦቲው ውስጥ የምታስገባው እሱን ነው፣ አፉ ላይ ሳይሆን መታጠፊያው ጋ።